ሦስት ፕሮፎርማ በአንድ ሠንጠረዥ
(በአምደወርቅ በተካሄደ የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ነጋዴዎች ስለ ዕቃቸው የሚጽፉልንን ማብራሪያ እንዴት ወደ አንድ ሠንጠረዥ እንደምናመጣው ነው። ምሳሌ አድርገን የያዝነው የእህል ማከማቻ ግዢን ነው። በአዝመራ ወቅት የሚገዛ ማሽላ እስከ ክረምት ድረስ ከነቀዝ ተጠብቆ ካልቆየ፣ የአባላት ቁጠባ ከእህሉ ጋር ይበላል። እንግዲህ ለ50 ኩንታል ማሽላ ማከማቻ እንግዛ እንበል። ዋጋዎቹ ስሌቱን ለማሳየት እኛ ያስቀመጥናቸው ስለሆኑ ለገበያ ዋጋ አትያዙልን።

ሦስት ፕሮፎርማ ቀረበ እንበል።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ፒክስ ከረጢታችን ነቀዝን ያለ መድኃኒት ያጠፋል። አንዱ 100 ኪሎ ይይዛል። 50 ከረጢት ያለበት እስር 7,500 ብር ነው፤ ሰቆጣ ላይ እናስረክባለን። ካልተቀደደ ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ያገለግላል።»

ሁለተኛው፦ «የብረት ጎተራችን 1,000 ሊትር ይይዛል። አይጥም ነቀዝም አይደፍረውም። ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላል። አምደወርቅ ድረስ አምጥተን 15,000 ብር።»

ሦስተኛው፦ «ጠንካራ ማዳበሪያ ጆንያ፣ ባለ 50 ኪሎ፣ አንዱ 50 ብር ብቻ። እዚሁ አምደወርቅ ይገኛል። ሁለት ዓመት ያገለግላል። ለነቀዝ መድኃኒት ይደረግበታል።»

ሦስቱን በተከታታይ ያነበበ ሰው ጆንያው በጣም ርካሽ፣ ጎተራው በጣም ውድ ነው ብሎ ይነሣል። ነገር ግን አንዱ ዋጋ የጠራው ለእስር፣ ሌላው ለጎተራ፣ ሦስተኛው ለግማሽ ኩንታል ጆንያ ነው። አንዱ በኪሎ ሲናገር ሌላው በሊትር ይናገራል። ስለዚህ ዋጋዎቹ ገና አልተገናኙም።

መጀመሪያ የምናደርገው ቁጥር መጻፍ አይደለም፤ ጥያቄያችንን በአንድ ዓረፍተ ነገር መወሰን ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው «አንድ ኩንታል ማሽላ ለአንድ የማከማቻ ወቅት ለማቆየት ስንት ብር ይወጣል?» የሚል ነው። ዓምዶቹ የሚወለዱት ከዚህ ጥያቄ ነው፦ ዋጋ፣ የሚይዘው መጠን፣ የሚያገለግልበት ወቅት ብዛት፣ በየወቅቱ የሚጨመር ወጪ። «ጠንካራ» የሚለው ቃል ዓምድ የለውም፤ የሚለካ ነገር ስላልነገረን እንተወዋለን።

ቀጥለን መለኪያውን በዓምዱ ራስ ላይ እንጽፋለን። ራሱ ላይ «ኩንታል» ከተባለ፣ ከሥሩ ኪሎም ሊትርም አይገባም። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ ባለ 50 ኪሎው ጆንያ 0.5 ይሆናል። ጎተራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊትር የሚለካው ቦታን እንጂ ክብደትን አይደለም፤ 1,000 ሊትር 1,000 ኪሎ የሚሆነው ለውኃ ነው። ማሽላ በፍሬዎቹ መካከል አየር ስላለ ከዚያ ያንሳል። መላው ቀላል ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በማሽላ ሞልቶ እህሉን መመዘን። እህሉ 15 ኪሎ ከመዘነ አንድ ሊትር 0.75 ኪሎ ነው፤ ጎተራውም 750 ኪሎ፣ ማለትም 7.5 ኩንታል ይይዛል። ባቄላ ወይም ጤፍ ለማከማቸት ሲታሰብ ያው ጀሪካን በዚያው እህል ተሞልቶ እንደገና ይመዘናል።

ዘመኑም እንደዚሁ ነው። አንዱ «ጊዜ»፣ ሌላው «ዓመት» ብሏል። የምናከማቸው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ ሁለቱንም «ወቅት» እንላቸዋለን። «ከሁለት እስከ ሦስት» ላለው 2፣ «ከ10 በላይ» ላለው 10 እንጽፋለን። ዝቅተኛውን ከያዝን ለሁሉም ዝቅተኛውን ነው፤ ለአንዱ ትልቁን፣ ለሌላው ትንሹን መስጠት ማዳላት ነው።

ዋጋም የሚመዘገበው ዕቃው አምደወርቅ ሲደርስ ባለው ነው። የፒክስ እስር ሰቆጣ ላይ ስለሚቀር ማጓጓዣው 500 ብር ቢሆን ድምሩ 8,000፣ ለአንድ ከረጢት 160 ብር ይመጣል። ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩም ለሦስቱም በአንድነት ይጠየቃል። በምሳሌያችን ሦስቱም «ተካቷል» ብለው መልሰዋል እንበል።

አሁን ሣጥኖቹን ስንሞላ አንዱ ባዶ ይቀራል። ሦስተኛው ነጋዴ መድኃኒት ይደረግበታል ብሏል፤ ዋጋውን ግን አልተናገረም። ባዶ ሣጥን ዜሮ አይደለም። ዜሮ ማለት ወጪ የለውም ማለት ነው፤ ባዶ ማለት ገና አልተነገረንም ማለት ነው። ስለዚህ «አልተገለጸም» ብለን ጽፈን እንጠይቃለን። ለአንድ ኩንታል በየወቅቱ 60 ብር ነው የሚል መልስ መጣ እንበል። ሠንጠረዡ እንዲህ ይሆናል።

| ዕቃው | የአንዱ ዋጋ አምደወርቅ ሲደርስ (ብር) | የሚይዘው (ኩንታል) | የሚያገለግለው (ወቅት) | በየወቅቱ የሚጨመር ለኩንታል (ብር) | የአንድ ኩንታል የአንድ ወቅት ወጪ (ብር) |
|---|---|---|---|---|---|
| ፒክስ ከረጢት | 160 | 1 | 2 | 0 | 80 |
| የብረት ጎተራ | 15,000 | 7.5 | 10 | 0 | 200 |
| ማዳበሪያ ጆንያ | 50 | 0.5 | 2 | 60 | 110 |

የመጨረሻው ዓምድ ስሌት ለሦስቱም አንድ ነው። ዋጋው ለሚይዘው ኩንታል ይካፈላል፤ የተገኘው ለወቅቱ ብዛት ይካፈላል፤ በመጨረሻ የየወቅቱ ወጪ ይደመርበታል። ጆንያው 50 ለ0.5 ሲካፈል 100፣ ለ2 ሲካፈል 50፣ ከመድኃኒቱ ጋር 110 ነው። ባዶውን ሣጥን እንደ ዜሮ ብንቆጥረው ኖሮ በ50 ብር አንደኛ ይወጣ ነበር። ጎተራውንም ሊትሩን እንደ ኪሎ ብንቆጥርለት በ200 ፋንታ 150 ይሆን ነበር።

ለ50 ኩንታል ስናሰላው በመጀመሪያው ዓመት ፒክስ 8,000 ብር ይፈጃል፤ ጆንያውም 5,000 ለ100 ጆንያ፣ 3,000 ለመድኃኒት ሆኖ ያው 8,000 ነው። ልዩነቱ የሚታየው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ፒክስ ምንም አይጠይቅም፣ ጆንያው ሌላ 3,000 ይጠይቃል። ለጎተራ ግን ሰባት ስለሚያስፈልግ 105,000 ብር በአንድ ጊዜ መክፈል አለብን።

ሠንጠረዡ የማይዘው ነገርም አለ፤ እሱን ከሥሩ በማስታወሻ እንጽፋለን። ፒክስ ሁለት የውስጥ ላስቲክና አንድ የውጭ ጆንያ አለው። ሲታሰር ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ይሞታል። ላስቲኩን አይጥ ከቀደደው ግን አየር ይገባል፤ «2 ወቅት» ያልነውም ቁጥር ይፈርሳል። ፒክስም ጎተራም በደንብ የደረቀ እህል ይፈልጋሉ፤ እርጥብ ከገባ ይሻግታል። የነቀዝ መድኃኒት መርዝ ነው፤ ሰው በሚተኛበት ቤት አይደረግም። ይህ ማስታወሻ ከቁጥሩ ጋር ለአባላት መነበብ አለበት፤ መጋዘኑ አይጥ የሚበዛበት ከሆነ 80 ብሩ ብቻውን ውሳኔ አይሰጥምና።

ሠንጠረዥ ትክክል መሆኑን የምናውቀው በሁለት ሰው ነው። ሁለታችን ከያው ፕሮፎርማ ለየብቻ እንሞላለን፤ ከዚያ እናስተያያለን። ቁጥሮቻችን የተለያዩበት ሣጥን ላይ የፕሮፎርማው ዓረፍተ ነገር ተድበስብሷል ማለት ነው፤ ነጋዴው እንዲያብራራ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ፕሮፎርማ፣ ከየትኛው ምዝን ወይም ከየትኛው መልስ እንደመጣ ጣት ተደርጎ መታየት አለበት። ሦስቱ ፕሮፎርማዎችም ከሠንጠረዡ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጣሉ፤ የሚረዱን ወገኖች ሲጠይቁ የምናሳየው ሁለቱንም ነው።

ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን ሠንጠረዡን ዓምድ በዓምድ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን። «አንድ ኩንታል ለአንድ ወቅት፦ ፒክስ 80፣ ጆንያ 110፣ ጎተራ 200» ሲባል ሁሉም ይሰማዋል፣ ሁሉም ይጠይቅበታል። እጅ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።