«ያሻሽሉልኝ» ሲባል ምን ማለት ነው? አንባቢው፣ ደረጃውና ርዝመቱ ያልተገለጸ ረቂቅ ስለ ማረም



የዛሬው ንግግሬ መነሻ «ይህን ጽሑፍ ያሻሽሉልኝ» የምትል አጭር ዐረፍተ ነገር ናት። የድርሰት ትምህርት በምሰጥባቸው ዓመታት፣ ተማሪዎች ረቂቃቸውን በትምህርቱ ገጽ ላይ ሲጭኑ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሚጽፉት ይህችኑ ብቻ ነው። ጽሑፉን ማን እንደሚያነበው፣ ለየትኛው የትምህርት ደረጃ እንደ ተዘጋጀ፣ ስንት ገጽ እንዲሆን እንደ ተፈለገ አይነግሩንም። እኛም ሳንጠይቅ ብዕራችንን እናነሣለን። ይህ ምን ያህል እንደሚያስት የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፣ እርሱኑ ላቅርብላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስለ ባሕር ዛፍ የጻፈውን ረቂቅ ላከልኝ። ስድስት አንቀጾችና 540 ያህል ቃላት ነበሩት። መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን መግባቱን፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሰጠውን ጥቅም፣ ከዚያም በምንጭ ዳር ሲተከል ውኃውን እንደሚሻማ ይተርክ ነበር። ከስድስቱ አንቀጾች አምስቱ የሚያልቁት በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ምንጩ የሁላችን ነው፤ ዛፉን ከምንጩ እናርቅ።»

እኔ ጽሑፉን የሴሚስተር ማጠቃለያ ሥራ አድርጌ ወሰድሁት። ድግግሞሹን ሰረዝሁ፤ አጫጭሮቹን ዐረፍተ ነገሮች አያያዝሁ፤ «ታውቃላችሁ» የሚለውን ሁሉ «ይታወቃል» አደረግሁ፤ በየኅዳጉም «ምንጭ ይጠቀስ» ብዬ ጻፍሁ። የተደጋገመውን ጥሪ አንድ ጊዜ ብቻ አስቀርቼ፣ እርሱንም «ቢደረግ መልካም ነው» በሚል ረጅም ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገባሁት። ረቂቁ ወደ 390 ቃላት ወረደ። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ መለስሁለት።

ተማሪው ከዕረፍት ሲመለስ ቢሮዬ መጣ። ጽሑፉን ያዘጋጀው በትውልድ መንደሩ ስብሰባ ላይ ሊያነበው ኖሯል። «መምህር፣ ሰዎቹ በጸጥታ አዳመጡኝ» አለኝ። «ስጨርስ ግን አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ‹ልጄ፣ ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትለን?› አሉኝ።» እርሱ አምስት ጊዜ የተናገረውን እኔ ሰውሬበት ነበር። አንባቢ ያለፈውን መስመር ተመልሶ ያያል፤ አድማጭ ግን መመለሻ የለውም። የሰረዝሁት ድግግሞሽ ለአድማጩ እንደ መመለሻ መንገድ ሆኖ የተቀመጠ ነበር።

ይህን ስነግራችሁ «ተማሪው አስቀድሞ ባይናገር የማን ጥፋት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። እርሱ በቃል አልነገረኝም፤ ረቂቁ ግን ነግሮኝ ነበር። በኋላ ተመልሼ ሳነበው ሦስት ምልክቶች አገኘሁ። አንደኛ፣ ጸሐፊው «እናንተ» እያለ ፊት ለፊት ያነጋግራል፤ ለመምህሩ የሚጽፍ ተማሪ እንዲህ አያደርግም። ሁለተኛ፣ ባሕር ዛፍ ምን እንደሚመስል ምንም አልገለጸም፤ በአንጻሩ ሥር ውኃን እንዴት እንደሚስብ ቀስ ብሎ ያስረዳል። ጸሐፊ የሚያብራራውና ሳያብራራ የሚያልፈው ነገር አንባቢው ምን እንደሚያውቅ ያሳያል፤ እዚህ ላይ አንባቢው ዛፉን በዓይኑ የሚያውቅ፣ ትምህርቱን ግን በትምህርት ቤት ያልተማረ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ድግግሞሹ ቦታውን የጠበቀ ነው። በስንፍና የሚመጣ ድግግሞሽ በየቦታው ተበታትኖ፣ ቃሉን እየለዋወጠ ይገኛል። ሁልጊዜ በአንቀጽ መጨረሻ፣ ቃል በቃል የሚመለስ ድግግሞሽ ግን ታስቦበት የተቀመጠ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለወጥሁ። መጀመሪያ ብዕር ሳልይዝ ረቂቁን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ቀጥሎ በራሴ ቃል አንድ ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ ይህ ጽሑፍ እነማንን፣ ምን ሊያሳምን ወይም ሊያስረዳ ይሞክራል? ይህን መጻፍ ካቃተኝ፣ የረቂቁ ችግር የሐሳቡ እንጂ የቋንቋው አይደለም፤ ፊደል ማረሙም ገና ጊዜው አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ ላርማቸው ያሰብኋቸውን ነገሮች በሁለት እከፍላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ወገን አንባቢው ማንም ቢሆን መታረም ያለበት ነው። በዚያ ረቂቅ ውስጥ «ባሕር ዛፉ በገብሱ አጠገብ ሲተከል የምንጩን ውኃ ይስባል፤ ያደርቀዋልም» የሚል ነበር። የሚደርቀው ገብሱ ነው ወይስ ምንጩ? አማርኛ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በግሱ ውስጥ ስለሚሸክም፣ እንዲህ ያለው መደናገር በጸሐፊው ዓይን አይታይም፤ መምህርም መንደርተኛም ግን እኩል ይደናገርበታል። አንዱን ቃል በአንድ ገጽ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ብሎ መጻፍም እንዲሁ ነው። የትኛው ይመረጥ ብለን ብንከራከርም፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ወጥ መሆን እንዳለበት አንከራከርም።

ሁለተኛው ወገን እንደ አንባቢው የሚለዋወጥ ነው፤ ድግግሞሽ፣ የዐረፍተ ነገር ርዝመት፣ የምንጭ አጠቃቀስ፣ «እናንተ» ማለትና አለማለት። ለፈተና አራሚ መሻሻል የሆነው፣ ለመንደር ስብሰባ መበላሸት ነው። ይህን ወገን ሳልጠይቅ አልነካም። ርዝመቱንም እንዲሁ፤ መጠኑ ካልተነገረኝ ረቂቁ ከመጣበት ርዝመት እምብዛም እንዳይርቅ እጠነቀቃለሁ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የመረጠው መጠን ራሱ ስለ ጊዜው ወይም ስለ ገጹ የሚያውቀውን ይነግረኛልና።

ጥያቄውስ ምን ይሁን? «ለማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎች «ለሁሉም» ይሉኛል፤ ይህም ምንም አይፈይድም። ስለዚህ «ሰዎቹ ጽሑፉን ሰምተው ወይም አንብበው ሲጨርሱ ምን እንዲያደርጉ ትፈልጋለህ?» እላለሁ። ያ ተማሪ ይህን ቢጠየቅ ኖሮ «ዛፉን ከምንጩ እንዲያርቁ» ይለኝ ነበር፤ ለመምህር ተጽፎ ቢሆን ደግሞ «ነጥብ እንዲሰጡኝ» ይል ነበር። በአንድ መልስ አንባቢውም፣ ደረጃውም፣ አቀራረቡም ይገለጣል።

መልስ የማይገኝበት ጊዜም አለ፤ ተማሪው ረቂቁን ጭኖ ይጠፋል፣ ቀኑም ይደርሳል። ያኔ የመጀመሪያውን ወገን ብቻ አርሜ፣ ከላይ «ይህን በስብሰባ የሚነበብ አድርጌ ወስጄዋለሁ፤ ለመምህር ከሆነ ግን ድግግሞሹን ቀንስ፣ የመረጃህንም ምንጭ ጥቀስ» ብዬ እጽፋለሁ። ግምቴ ስሕተት ከሆነ፣ ተማሪው የተሳሳትሁበትን ቦታ አይቶ ራሱ ያቃናዋል። ያልተጻፈ ግምት ግን እርማት መስሎ ያልፋል፤ ተማሪም የመምህርን እርማት አይጠራጠርም።

የመጨረሻው መፈተኛዬ ቀላል ነው። የታረመውን ጽሑፍ አስቀምጦ ሐሳቡን በቃሉ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። የሚነግረኝና በወረቀቱ ላይ ያለው ከተለያዩ፣ ያሻሻልሁት የእርሱን ጽሑፍ አይደለም፤ የራሴን ጽፌለታለሁ ማለት ነው።

ያ ተማሪ በተከታዩ ዕረፍት የመጀመሪያውን ረቂቁን ይዞ ወደ መንደሩ ሄደ። እኔ ያረምሁለት «ያደርቀዋል» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ምንጩን ያደርቀዋል» ሆነ። አምስቱም «ዛፉን ከምንጩ እናርቅ» የሚሉት ጥሪዎች በየቦታቸው ነበሩ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።