«አርሚልኝ» ሲባል ምን ማለት ነው?

(ቢቸና፣ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሙያዬ ሂሳብ ነው። ጽሑፍ ማረም አልተማርኩም። ኮሌጅ ስለገባሁ ብቻ ግን ብዙዎቻችሁ ለመጽሔታችን የጻፋችሁትን «አርሚልኝ» ብላችሁ ትሰጡኛላችሁ። ዛሬ በዚህ ቃል የተነሣ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

አንዲት እናት ስለ መዋጯችን እንዲህ ጽፈው ሰጡኝ፦ «በየ ወሩ የሚቀሩ ሴቶች አለ። እኔ ቀረሁ አላውቅም። ባለቤቴ አላወቀም፣ ታሞ ተኝቷል። ዶሮዬን ሸጬ አመጣሁ።»

መጀመሪያ ሦስት ነገር አስተካከልኩ። ተለያይቶ የተጻፈውን «በየወሩ» ብዬ አገናኘሁ፤ «ሴቶች አለ» የሚለውን «ሴቶች አሉ»፣ «ቀረሁ አላውቅም» የሚለውን «ቀርቼ አላውቅም» አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም መልካም ነበር። አጫጭሩ አነጋገር ግን አላማረኝምና የመጨረሻውን «ባለቤቴ ሳያውቅ ዶሮዬን ሸጬ ከፈልኩ» ብዬ አሳመርኩት።

ጽሑፉ በጉባኤ ሲነበብ አንዳንዶች ሳቁ። እኚያ እናት ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ እኔ ከባሌ ተደብቄ ሸጥኩ ብያለሁ?» አሉኝ። እሳቸው የጻፉት ባላቸው ታመው ስለተኙ እንዳላወቁ ነው። እኔ ሕመሙን አውጥቼ ድብቅነት አስገባሁ።

«አርሚልኝ» ሁለት ሥራ በአንድ ቃል ይጠራል። አንዱ እርማት ነው፤ የፊደልና የሰዋስው ስሕተት ይለቀማል። ሌላው አርትዖት ነው፤ አነጋገሩም ይነካል። ሁለተኛውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሥራት አይገባም።

ፊደሉ ራሱ እንኳ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። የጎጃሙ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ፣ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ለማሳየት ከላዩ ነጥብ አድርገዋል። «አለ» ጠብቆ ሲነበብ መኖርን፣ ላልቶ ሲነበብ መናገርን ያመለክታልና። ያልጠየቀ አራሚ ያንን ነጥብ የቀለም ጠብታ መስሎት ያጠፋው ነበር።

በሂሳብ መዝገብ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም። አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ የቀድሞው እየታየ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ያረመውም ይፈርማል። አሁን ጽሑፋችሁንም እንዲሁ ነው የማርመው።

ስትሰጡኝ «ፊደሉን ብቻ» ወይም «አነጋገሩንም» በሉኝ። ካላላችሁኝ እጠይቃለሁ። ሳላገኛችሁ ብቀር ፊደሉንና ሰዋስውን ብቻ አርሜ፣ የቀረውን በእርሳስ ዳር ላይ እጽፋለሁ። ከመታተሙ በፊት ደግሞ ጮክ ብዬ አነብላችኋለሁ። «እንዲህ አላልኩም» የምትሉበት ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የእኚያ እናት ጽሑፍም በሚቀጥለው እትም በራሳቸው ቃል ይወጣል።