በውሉ ላይ ያልተጻፈው ሰዓት
(ለማኅበራችን የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኛ አባላት በወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሆቴል የሰው ኃይል ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ውል ስጽፍም ሳስፈርምም ስለነበርኩ ዛሬ የማወራው ስለ ሕጉ ሁሉ ሳይሆን እናንተ ስትፈርሙ ዓይናችሁ ስለሚያልፋቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ነው።

ባለፈው ወር አንዲት እህታችን ውሏን ይዛልኝ መጣች። የአዳራሽ አስተናጋጅ ናት። ደመወዟ 4,160 ብር ነው። ስለ ሥራ ሰዓት የሚናገረው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛዋ ሥራው በሚጠይቀው ሰዓት ሁሉ ትሠራለች፤ ደመወዟ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ያጠቃልላል።» ሁለት መስመር ብቻ ናት፤ ግን በየወሩ ስንት እንደምታስከፍላት አብረን እንቁጠር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። በሳምንት 48 ሰዓት በዓመት 52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ሰዓት ይመጣል። 4,160ን ለ208 ስናካፍል የእህታችን የአንድ ሰዓት ዋጋ 20 ብር ነው። ይህችን ቁጥር እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን አውጡና በቃላችሁ ያዙ፤ ሌላው ሁሉ ከእርሷ ነው የሚወጣው።

ፈረቃዋ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ግን ሠርግ ወይም ግብዣ ይኖርና እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ትቆያለች። ያ በአንድ ሌሊት 3 ሰዓት፣ በአራት ሳምንት 24 ሰዓት ነው። አዋጁ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱን ዋጋ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራው ደግሞ በ1.75 አባዝታችሁ ክፈሉ ይላል። ስለዚህ የእርሷ የሌሊት ሰዓት 35 ብር ነው፤ 24 ሰዓቱ 840 ብር። በወሩ አንድ ጊዜ ደግሞ በእረፍት ቀኗ ለ4 ሰዓት ተጠርታለች። የሳምንት እረፍት ቀን ትርፍ ሰዓት በሁለት ይባዛል፤ 160 ብር። ድምሩ 1,000 ብር። ወደ ደመወዟ ሩብ የሚጠጋ ገንዘብ ነው እንግዲህ።

«ፈርሜያለሁና ምን አደርጋለሁ?» አለችኝ። ውል ከሕጉ ያነሰ መብት ሊሰጥ አይችልም፤ ደመወዙ ትርፍ ሰዓቱን ያጠቃልላል የሚለው ቃል ፊርማ ስላረፈበት አይጸናም። ትርፍ ሰዓት ራሱ በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ የሚሠራና በአሠሪው መዝገብ መጻፍ ያለበት ነው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓትም መብለጥ የለበትም። ሕጉ የሚፈቅደውም እንደ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረ ሠራተኛን መተካት ላሉ ምክንያቶች ነው። ከአንድ ወር በፊት ቀብድ የተከፈለበት ሠርግ እንዴት አስቸኳይ እንደሚሆን እኔ አይገባኝም፤ ለማንኛውም ከተሠራ ይከፈላል።

አንድ ነገር ልለይላችሁ። ከደንበኛ የሚሰበሰበው ሰርቪስ ቻርጅ በሕጉ ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ የሰዓት ዋጋ ሲሰላ አይደመርም፤ በሌላ በኩል ደግሞ «ሰርቪስ ቻርጅ ታገኚ የለ» ተብሎ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ምትክ ሊሆን አይችልም። ሁለቱ የተለያየ ኪስ ናቸው።

አሁን ብዙዎቻችሁን ወደሚያሳስተው ወደ ሌሊት ፈረቃ ልሂድ። መደበኛ ፈረቃችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ፣ በእንግዳ መቀበያም ሆነ በልብስ ማጠቢያ፣ 1.75 የሚባለው ለእናንተ አይደለም። እርሱ ለትርፍ ሰዓት ነው። ለመደበኛ የሌሊት ፈረቃ አዋጁ ጭማሪ አላዘዘም። ስለዚህ ጭማሪ የሚመጣው በውል ወይም በኅብረት ስምምነት ብቻ ነው፤ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው። እኔ ብሆን ሦስት ነገር አስጽፋለሁ፦ የሌሊት አበል በብር ተቆርጦ፣ ሌሊት ሲወጣ ወደ ቤት የሚያደርስ መኪና፣ የፈረቃ ለውጥ ደግሞ ቢያንስ ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገር። «ሆቴሉ እንደ አሠራሩ ትራንስፖርት ያመቻቻል» የሚል ቃል ምንም አላለም፤ አሠራሩ ነገ ይቀየራል።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትመደብ፣ ትርፍ ሰዓትም እንዳትሠራ ሕጉ ራሱ ከልክሏል። ችግሩ አለቃዋ «አላወቅኩም» ማለቱ ነው። የሐኪም ወረቀቱን ቅጂ አያይዛ በደብዳቤ ታሳውቅ።

አንዳንድ ውል ደግሞ «የሥራ ሰዓት በአራት ሳምንት አማካይ ይሰላል» ይላል። ይህ የተፈቀደ ነው፤ ሥራው ከሳምንት ሳምንት የሚለያይ ከሆነ አንዱ ሳምንት 54፣ ሌላው 42 ሊሆን ይችላል። ግን አማካዩ ከ48 እንዳይበልጥ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው ፔይሮል ክፍል ያለው አይደለም። ትንሽ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ «ቆዪ» ያላችሁን ሰው ስም በየዕለቱ ጻፉ። የፈረቃ ሰሌዳው ሲለጠፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ በሳምንቱ መጨረሻ ይነሳልና።

የዓመት ፈቃድ ላይ የሚታየው ብልሃት ትንሽ ናት፤ አንዲት ቃል መጣል። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይላል፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ውሉ «16 ቀን» ብቻ ካለ፣ የእረፍት ቀናችሁም ተቆጥሮ ቢያንስ ሁለት ቀን ይበላባችኋል። «የሥራ» የሚለው ቃል መኖሩን እዩ። በሥራ ላይ እያላችሁ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥም የተከለከለ ነው፤ የሚከፈለው ሥራው ሲቋረጥ ያልተወሰደው ነው። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከክፍያ ጋር ነው፤ ከዓመት ፈቃድ ላይ አይቀነስም።

ወደ እህታችን ልመለስ። እንዲህ ስትሠራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሒሳቡን ስትሰማ 24,000 ብር ነው ብላ ደስ አላት። ደስታዋን መቁረጥ ነበረብኝ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ዛሬ ብትጠይቅ የሚደርስላት ወደ 6,000 ብር ግድም ነው፤ አንድ ወር በዘገየች ቁጥር ከኋላ አንድ ሺህ ይወድቃል። «ሥራውን ስለቅ እጠይቃለሁ» የምትሉ፣ የምትለቁበት ቀን ሲደርስ አብዛኛው አልፏል።

ማመልከቻዋን እዚሁ ማኅበሩ ቢሮ ጻፍንላት፤ አንድ ገጽ ናት። የሥራ መደብ፣ ደመወዝ፣ የሰዓት ዋጋ፣ ከዚያ በሠንጠረዥ ቀን፣ ሰዓት፣ ማባዣ፣ ብር። በሁለት ቅጂ አዘጋጅታ አንዱን ለሰው ኃይል ክፍል ሰጠች፣ በሌላው ላይ የተቀበለውን ሰው ፊርማና ቀን አስደረገች። ካልመለሱላት ቀጣዩ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ዘንድ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ነው፤ ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት አይከፍልም። የማመልከቻው ናሙና በጸሐፊያችን ዘንድ አለ። ውላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቅጂ ያልተሰጣችሁም ካላችሁ መጀመሪያ እርሱን እንጠይቃለን፤ በጽሑፍ ያልተዋዋለች ሠራተኛ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጣት ይገባ ነበርና።