ሽያጩ እያደገ ትርፉ የሚያልቅ ፋብሪካ

ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ የኤልኢዲ አምፖል የሚገጣጥም አንድ ወርክሾፕ አለ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 100 ሺህ አምፖል፣ አንዱን በ100 ብር ይሸጣል። የአንዱ ወጪ 70 ብር ነው። ገቢው 10 ሚሊዮን፣ ትርፉ 3 ሚሊዮን ብር ይሆናል።

ይህን ወስዶ በአራት ዓመት ማባዛት ያጓጓል፤ ግን ተፎካካሪ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል። ዋጋው በየዓመቱ በ8 በመቶ ይቀንስ፣ ወጪው በ5 በመቶ ይጨምር፣ ሽያጩ በ10 በመቶ ይደግ። በአራተኛው ዓመት 133 ሺህ አምፖል ይሸጣል፤ ገቢውም 10.4 ሚሊዮን ብር ገደማ ይደርሳል። ጥሩ ይመስላል አይደል? ዋጋው ግን 78 ብር ግድም ሆኗል፣ ወጪው 81። በእያንዳንዱ አምፖል 3 ብር ይከስራል። ገቢውን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ስለዚህ ብዛት፣ ዋጋና ወጪ ለየዓመቱ በየራሳቸው መስመር ይጻፉ።

ወጪውም ቢሆን ለሁለት ይከፈል፤ በዶላር የሚገዛውና በብር የሚከፈለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከ70ው ብር 42ቱ የውጭ ዕቃ ቢሆንና ዶላር በእጥፍ ቢጨምር፣ ወጪው በአንዴ 112 ብር ይገባል። ያኔ ታዲያ ተፎካካሪውም ዕቃውን የሚያስመጣው በዚያው ዶላር ስለሆነ፣ የዋጋው ቅናሽ ይቆማል። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የዶላር መናርንና የ8 በመቶ ቅናሽን አብሮ ያስቀመጠ፣ አደጋውን አጋንኖታል።