የመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች



በዲላና በጌዴኦ ዞን ለሚገኙ የቲሞች ድጋፍ የምንጠይቅበት ቪዲዮ፣ ጥያቄው ሳይሰማ ተመልካቹ ከሄደ ከንቱ ድካም ነው። ይህንንም በግምት ሳይሆን በመረጃ እንለየው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ፣ በየቅጽበቱ ስንት ተመልካች እንደቀረ የሚያሳይ መስመር ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ይሥላል። ጠቋሚውን 0:15 ላይ አድርገን መቶኛውን እናነባለን።

ለምሳሌ 200 ጊዜ የተከፈተ ቪዲዮ በዚያች ቅጽበት 45 በመቶ ቢያሳይ፣ 90 ያህሉ ቆይተዋል፤ 110 ያህሉ ሄደዋል ማለት ነው። መስመሩ ያሽቆለቆለው የማኅበሩ አርማ ከነሺዳ ጋር በሚታይባቸው 12 ሰከንዶች ከሆነ፣ ምክንያቱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እንግዲያውስ በሚቀጥለው ቪዲዮ ከሰላምታው ቀጥሎ የልጆቹን የደብተርና የዩኒፎርም ፍላጎት እናስቀድም፤ ርዝመቱን ሳንለውጥም ሁለቱን እናነጻጽር።

ሆኖም ቪዲዮውን 20 ሰው ብቻ ካየው፣ የአንድ ሰው መሄድ ብቻውን 5 በመቶ ያወርዳልና ለፍርድ አንቸኩል። የሚያለቅስ የቲም ፊት መስመሩን ከፍ ቢያደርግ እንኳ፣ የልጁን ክብር አሳልፈን አንሰጥም። መስመሩ ስንት ሰው እንደቆየ እንጂ ስንት ሰው እንደለገሰ አይነግረንምና፣ ከገንዘብ ያዡ መዝገብ ጋር እናስተያየው።