የመጀመሪያው የክፉ ቀን ገንዘብ ስንት ይሁን?

ሰላም፦ ልደታ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆቿንና እናቷን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት እንውሰድ። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ናት፤ በእጇ 15,000 ብር ይገባል እንበል። ስንት ታስቀምጥ?

ዳዊት፦ ከደመወዟ አልነሳም። ብትታመም ቤቱ የማይቀርለትን ወጪ እቆጥራለሁ፦ አስቤዛ፣ ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ የእናቷ መድኃኒት። 12,000 ወጣ እንበል።

ሰላም፦ ስትታመም ግን ደመወዙ ወዲያው አይቆምም።

ዳዊት፦ አይቆምም። የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰች፣ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈላታል፤ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ግማሹ በግምት 7,500 ነው፤ በየወሩ 4,500 ይጎድላል፤ በሁለት ወር 9,000። ለሕክምና 3,000 ብንጨምር 12,000 ሆነ። የመጀመሪያ ግቧ ይህ ነው።

ሰላም፦ የአንድ ወር ወጪዋ መሆኑ ነው። ሦስቱ ባዶ ወራትስ?

ዳዊት፦ ሌላ 36,000 ይጠይቃሉ። እሱን ቀስ ብላ ትደርስበታለች።

ሰላም፦ ዕድርና ዕቁብ አላት እኮ።

ዳዊት፦ ዕድሩ የሚደርሰው በአብዛኛው ለለቅሶ ነው። ዕቁቡን ታማም መጣል አለባት፤ መዋጮውን ወጪ ውስጥ ካልቆጠረችው ያሰላነው ሁሉ ይፈርሳል።

ሰላም፦ ጉልት ላይ የምትሸጥ ብትሆንስ?

ዳዊት፦ እሷ ግማሽ ደመወዝ የላትም፤ ገቢዋ ከተኛችበት ቀን ጀምሮ ይቆማል። 12,000 አንድ ወር ብቻ ያቆያታል። ለእሷ 24,000 ነው የምለው።