ከፀሐይ ወደ ጸጋ



ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለውጭ አገር ጐብኚ ያወጡት የእንግሊዝኛ መፈክር በቃሉ ቢመለስ «የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን» በሆነ ነበር። ዳሩ ግን በአማርኛ የታወቀው «የ13 ወር ጸጋ» ተብሎ ነው። ከብርድ አገር ለሚመጣ እንግዳ ፀሐይ ተድላ ናት፤ አገሬው ግን ፀሐይ ሲበረታበት ጥላ ይፈልጋል። ቀልዱም አልተሻገረም፤ 12 ወር ለሚቈጥር 13 ማለት ፈገግ ያሰኛል፣ ጳጉሜን ለሚያውቅ ግን ተራ ቍጥር ነው። ስለዚህ የመፈክሩን ክብደት «ጸጋ» ብቻውን ተሸከመ።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል በበሩ ላይ ምርቃት ሊጽፍ አሰበ እንበል። «ቤት ለእምቦሳ» የሚለው ገቢው ነው፤ ባለቤቱ የሚመልሰው «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ነውና ለሰሌዳው የሚስማማው መልሱ ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ቢጻፍ እንግዳው ጥጃ እንዲያስር የታዘዘ ይመስለዋል። መሻገር ያለበት ጥጃው ሳይሆን የመልካም አቀባበሉ ድምፅ ነው፤ «እንኳን ደኅና ገቡ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው» የሚል እንግሊዝኛ ይበቃል።

መፈተኛው፣ ትርጕሙን አማርኛውን ላላየ ሰው አሳይቶ «ሆቴሉ ምን አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስለ ጥጃ ከጠየቀ ጽሑፉ ለሰሌዳ ጸሐፊው ገና አይሰጥም።